ለአሜሪካ ኮሌጅ ቅበላ ቢሮ ስለ ስኮላርሺፕ መስፈርት አጭር ኢሜይል መጻፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ በትምህርት ቤታችን የተማሪዎች ምክር አገልግሎትም እኔ ዘንድ ነው። ጥቅምት ሲገባ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስልካቸውን ይዘው ይመጡና «መምህር፣ ይቺን ኢሜይል ልልካት ነው፣ እስቲ እዩልኝ» ይሉኛል። ኢሜይሉ የሚሄደው አሜሪካ ላለ ኮሌጅ ቅበላ ቢሮ ነው፤ የሚጠይቀውም ስለ ስኮላርሺፕ ነው። በየዓመቱ የሚነሱት ጥያቄዎች ስለሚመሳሰሉ መልሴን እዚህ ጻፍኩት። የምናገረው ለመጀመሪያ ዲግሪ ስለሚያመለክቱ ተማሪዎች ነው። የማስተርስ መንገዱ ሌላ ነው።

«ስኮላርሺፕ ትሰጣላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ፤ «አንሰጥም» አሉኝ። በቃ፣ አለቀ ማለት ነው?

አላለቀም። ይህን ጥያቄ መጀመሪያ ያደረግሁት ብዙ ጎበዝ ልጆች እዚህች ላይ ተሰናክለው ሲቀሩ ስላየሁ ነው።

እኛ አገር «ስኮላርሺፕ» ስንል በሰው ወጪ መማር ማለታችን ነው። ገንዘቡ ለጉብዝና ይሰጥ ለችግር ስሙ አንድ ነው። የአሜሪካ ኮሌጅ ሠራተኛ ግን ሁለቱን ለያይቶ ነው የሚያያቸው። እሱ ዘንድ ስኮላርሺፕ ሲባል በአብዛኛው በውጤት፣ በስፖርት ወይም በልዩ ተሰጥኦ የሚሰጥ ሽልማት ነው። የቤተሰብ አቅም ታይቶ የሚሰጠው ደግሞ «የገንዘብ ድጋፍ» ይባላል፤ በእነሱ አጠራር ፋይናንሺያል ኤይድ ነው።

ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ እና አምኸርስት በውጤት የሚሰጥ ስኮላርሺፕ የላቸውም። ለእነሱ «ስኮላርሺፕ ትሰጣላችሁ?» ብሎ የጻፈ ተማሪ «በውጤት የሚሰጥ ስኮላርሺፕ የለንም» የሚል መልስ ቢደርሰው የተነገረው እውነት ነው። ነገር ግን እነዚሁ ተቋማት የገባ ተማሪ ቤተሰቡ መክፈል የማይችለውን ያህል ይሸፍናሉ፤ የውጭ አገር ተማሪም በዚህ ይካተታል። ቤተሰቡ ምንም መክፈል ካልቻለ ድጋፉ ትምህርቱን፣ ማደሪያውንና ምግቡን ያጠቃልላል። ልጁ የፈለገው ነገር እዚያው እያለ የተሳሳተ ስም ጠርቶ ተመለሰ ማለት ነው።

በተቃራኒው ቦስተን ዩኒቨርሲቲን ብንወስድ ትረስቲ ስኮላርሺፕ የሚባል በውጤት የሚሰጥ ሽልማት አለው፤ ሙሉውን የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል፣ ለብቻው ድርሰት ያስጽፋል። እዚያ «ስኮላርሺፕ» የሚለው ቃል ቦታውን ያገኛል።

ስለዚህ ኢሜይሉ ውስጥ የምትፈልጉትን በስሙ ጥሩት፦ «በቤተሰብ አቅም ላይ የተመሠረተ የገንዘብ ድጋፍ» ወይም «በውጤት የሚሰጥ ስኮላርሺፕ»። የትኛው እንዳለ ካላወቃችሁ ደግሞ ኢሜይል ለመጻፍ ገና ናችሁ። ድረ ገጹን አንብቡ።

ድረ ገጹ ላይ ምን ምን ካነበብኩ በኋላ ነው የምጽፈው?

ሁለት ገጽ ይበቃል። አንደኛው `International Applicants` የሚለው ነው፤ ሁለተኛው `Financial Aid` ውስጥ ስለ ውጭ አገር ተማሪዎች የሚናገረው ክፍል ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ድጋፍ አለ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ያይና ወደ ኢሜይሉ ይሮጣል።

ከሁለቱ ገጾች አራት ነገር ፈልጋችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። ኮሌጁ ለውጭ አገር ተማሪ የሚሰጠው የትኛውን ዓይነት ድጋፍ ነው? የሚያስሞላው የቤተሰብ ገቢ ቅጽ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለው ነው ወይስ ሌላ? ቅጹ የሚገባበት የመጨረሻ ቀን መቼ ነው? ከቅጹ ጋር የሚላከው ሰነድ ምንድን ነው? ከአራቱ አንዱ ገጹ ላይ ጠፍቶ ከቀረ ወይም እዚያ የተጻፈው እናንተን የማይመስል ከሆነ፣ ኢሜይል የምትጽፉበት ጉዳይ እሱ ነው።

ለኢሜይል የሚገባው ጥያቄ ምን ዓይነት ነው?

ሠራተኛው ሌላ ሰው ሳያማክር በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር ሊመልሰው የሚችል፣ ድረ ገጹ ላይ የሌለ ጥያቄ ነው። «መስፈርቱ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ሲደርሰው የሚልክላችሁ የድረ ገጹን አድራሻ ነው። ሰውየው ንቋችሁ አይደለም፤ የዚህ ጥያቄ መልስ ገጹ ራሱ ስለሆነ ነው።

ከኢትዮጵያ የሚነሱ ተገቢ ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ነገር ይመጣሉ። አንዱ ክፍያ ነው። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ኮሌጅ 16 ዶላር ሲያስከፍል ቆይቷል። አሜሪካ ውስጥ ገቢው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰብ ክፍያው በራሱ ይነሳል፤ ለውጭ አገር ተማሪ ግን አይነሳም። አንዳንድ ኮሌጆች ለጠየቃቸው ተማሪ የክፍያ ነጻ ኮድ ይልካሉ፣ ሌሎቹ ክፍያ የሌለው የራሳቸውን ቅጽ ይቀበላሉ። የዶላር ካርድ ማግኘት ራሱ ጣጣ በሆነበት አገር ይህን መጠየቅ ነውር የለበትም። ሁለተኛው ፈተና ነው፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት የሚወጣበት ጊዜ ከእነሱ የቀን ሰሌዳ ጋር ስለማይገጥም ነው። ሦስተኛው የገቢ ማስረጃ ነው። ከሁሉም የከበደው እሱ ስለሆነ ቀጥሎ በሰፊው አየዋለሁ።

አባቴ ገበሬ ነው፤ እነሱ የሚጠይቁት የግብር ሰነድ የለንም። ይህን እንዴት አድርጌ ልጻፍ?

አንዲት ተማሪዬ ይህንኑ ጥያቄ ይዛ መጣች። ያመለከተችው በ2026 መጸው ትምህርት ለመጀመር ነበር። የኮሌጁ ገጽ የ2024 የወላጆች ገቢ የሚያሳይ የግብር ሰነድ ወይም የአሠሪ ደብዳቤ ይላል። አባቷ ጤፍና ማሽላ ያመርታል፣ እናቷ ቤት ነች። አሠሪ የለም፤ የተሞላ የግብር ማስታወቂያ የለም። ያለው ከቀበሌ የተጻፈ ማኅተም ያለበት የገቢ ማስረጃ፣ የመሬት ይዞታ ደብተርና የመሬት መጠቀሚያ የተከፈለበት ደረሰኝ ነው።

የመጀመሪያ ረቂቋ አንድ ገጽ ተኩል ነበር። እንዲህ ይጀምራል፦ «ለተከበረው ቢሮዎ። እኔ ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ የተወለድኩ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በእናንተ በታላቁና በዓለም በታወቀው ተቋማችሁ የመማር ሕልም ያለኝ ተማሪ ስሆን…»። ከዚያ የደረጃ ውጤቷ፣ ሁለት ሰዓት በእግሯ ሄዳ መማሯ፣ ሐኪም ለመሆን መፈለጓ ይከተላል። ጥያቄው የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም «በወረቀት ጉዳይ ብትተባበሩኝ» በሚል ባልተብራራ ቃል።

ሁለት ሰዓት በእግሯ መሄዷ እውነት ነው፣ ትልቅ ነገርም ነው። ቦታው ግን የማመልከቻው ድርሰት ነው፤ እዚያ ቁጭ ብሎ የሚያነበው ሰው አለ። ኢሜይሉን የሚከፍተው ሠራተኛ የሚፈልገው ምን እንደጎደላትና ምን እንዳላት ማወቅ ነው። ረቂቁን ወደ ጎን አድርገን ጠየቅኳት፦ «ስልክ ደውለሽ አንድ ደቂቃ ብቻ ቢሰጡሽ ምን ትያለሽ?» በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። የነገረችኝን ራሷ በአማርኛ ጻፈችው፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። በአማርኛ የጻፈችው ይህ ነው፦

> ለተማሪዎች ቅበላ ቢሮ፣
>
> ስሜ (ሙሉ ስም እንደ ፓስፖርት) ይባላል። በኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስሆን በ2026 መጸው ለሚጀምረው ትምህርት አመለክታለሁ፤ በቤተሰብ አቅም ላይ የተመሠረተ የገንዘብ ድጋፍም እጠይቃለሁ።
>
> ገጻችሁ የወላጆችን የ2024 የግብር ሰነድ ወይም የአሠሪ ደብዳቤ ይጠይቃል። አባቴ ለቤት ፍጆታና ለገበያ የሚያርስ ገበሬ ስለሆነ ሁለቱም የሉንም። ማቅረብ የምችለው የቀበሌ አስተዳደር በማኅተም ያረጋገጠው የገቢ ደብዳቤና የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ ደረሰኝ ነው፤ ሁለቱንም ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር።
>
> ሁለት ጥያቄ አለኝ፦
> 1. እነዚህ ሰነዶች በግብር ሰነድ ምትክ ተቀባይነት አላቸው?
> 2. የቀበሌው ደብዳቤ የሚሸፍነው የኢትዮጵያን የ2017 በጀት ዓመት ነው፤ ይህም በእናንተ አቆጣጠር ከጁላይ 8 ቀን 2024 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2025 ነው። ይህን ልላክ ወይስ የ2024ን ብቻ የሚያሳይ ላስጽፍ?
>
> ስለ ጊዜያችሁ አመሰግናለሁ።
>
> (ሙሉ ስም፣ የትምህርት ቤት ስም፣ ከተማ፣ የማመልከቻ መለያ ቁጥር ካለ)

ይህ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ 150 ቃል ገደማ ነው፤ ስልክ ላይ ብዙ ሳይገፋ ይነበባል።

ከሁለቱ ጥያቄዎች የምወደው ሁለተኛውን ነው። ማንም ያልነገራት፣ ራሷ ሰነዱን አገላብጣ ያገኘችው ነው። የእኛ በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፣ እነሱ የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። ኢሜይሉ ባይጻፍ ኖሮ ደብዳቤው ላይ «2017» የሚል ያየ ሠራተኛ ሰባትና ስምንት ዓመት ያለፈው ደብዳቤ የተላከለት መስሎት ሊጨነቅ ይችል ነበር። ከኢትዮጵያ ቁጥር ጎን የእነሱን አቆጣጠር መጻፍ ትንሽ ነገር ናት፤ ብዙ ምልልስ ታስቀራለች።

«ድሃ ነን» የሚል ቃል እንደሌለበትም ልብ በሉ። ገበሬ መሆኑ፣ ለቤት ፍጆታና ለገበያ ማረሱ ተነግሯል። አቅሙን ሠራተኛው ከቅጹ ያየዋል።

ጉዳዩ የሚለው ቦታ ላይ ምን ይጻፋል?

ማመልከቻ ጽፎ የሚያውቅ ሰው «ጉዳዩ፦ የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ» የሚለውን መስመር ያውቀዋል። ኢሜይልም ላይ ሥራው ያው ነው። «Scholarship» ወይም «Help» ብቻ ተብሎ የመጣ መልእክት ከመቶ ሌላ መልእክት አይለይም፤ ለማን እንደሚመራም አይታወቅም። የተማሪዬ ጉዳይ እንዲህ ነበር፣ በስሟ ቦታ `Full Name` አድርጌዋለሁ፦

```
Income documents, no tax return: Full Name, Ethiopia, Fall 2026
```

ጥያቄው መጀመሪያ፣ ከዚያ ስም፣ አገር፣ የሚጀመርበት ወቅት። ሠራተኛው ከመክፈቱ በፊት ለገንዘብ ድጋፍ ክፍል የሚመራ መሆኑን ያውቃል። በኋላ ፈልጎ ሲያጣችሁም በስማችሁ ያገኛችኋል።

ማን ብዬ ልጀምር? ስሙን ባውቅስ?

ብዙ ኮሌጆች ለየአካባቢው የተመደበ ሠራተኛ አላቸው፤ የአፍሪካ ተማሪዎችን የሚያይ ሰው ስሙና አድራሻው ገጹ ላይ ተጽፎ ከተገኘ ለእሱ መጻፍ ይሻላል። እዚህ ላይ የእኛ ልማድ ያሳስተናል። እኛ «አቶ» ወይም «ወይዘሮ» ብለን የምናስከትለው የራስን ስም ነው፤ እነሱ ግን የሚያስከትሉት የቤተሰብ ስም፣ ማለትም መጨረሻ ላይ ያለውን ነው። የመጀመሪያ ስሟን ከማዕረግ ጋር መጥራት ለእነሱ ጆሮ ያልተለመደ ነው። ወንድ ይሁን ሴት ካላወቃችሁ ማዕረጉን ትታችሁ ሙሉ ስሙን ጻፉ። የሰው ስም ካጣችሁ «ለተማሪዎች ቅበላ ቢሮ» በቂና ጨዋ ነው።

በዚያው ልክ መልሱ በአባታችሁ ስም ተጠርቶ ቢመጣ አትደንግጡ። ቅጹ ላይ የአባታችሁን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ስላስገባችሁ ነው።

ትሕትናዬ እንዳይጎድል እፈራለሁ። ምን ያህል ልለማመን?

በአማርኛ ሰው ስንጠይቅ መግቢያ እናበዛለን፤ ቀጥታ መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል። ይህን ይዘን እንግሊዝኛ ስንጽፍ «የተከበረውን ቢሮዎን በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ»፣ «ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ»፣ «ሕይወቴ በእጃችሁ ነው» ይወጣል። አንዳንዴ የተማሪ ረቂቅ ሳነብ ዓይኔ እንባ ያቀራል፤ ልመናው ከልብ ስለሆነ። ግን ተቀባዩ በዚህ ቃል ላይ ምንም ማድረግ አይችልም። ድጋፍ የሚወሰነው በኮሚቴና በቅጽ ነው፤ ኢሜይል የሚመልሰው ሰው ልቡ ቢራራም የሚጨምረው ነገር የለም። ምናልባት መልስ ለመስጠት እንዲከብደው ነው የሚያደርገው።

በእነሱ ዘንድ ጨዋነት የሚታየው ጊዜያቸውን ባለማባከን ነው። «ገጻችሁን አንብቤያለሁ፣ ይህን ግን አላገኘሁም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከአሥር የአክብሮት ቃል ይበልጣል። ሰላምታ አንድ፣ ምስጋና አንድ፣ ጥያቄው በመሃል። «በአስቸኳይ መልሱልኝ» አይባልም፤ ቀኑ ከጠበበ ምክንያቱን መንገር ይቻላል፦ «ቅጹ የሚገባው ኖቬምበር 15 ስለሆነ ከዚያ በፊት ባውቅ ቀበሌ ሄጄ ለማስጻፍ ይረዳኛል»።

ስሜ ትምህርት ቤት ሰነድ ላይና ፓስፖርት ላይ ይለያያል። ኢሜይሉ ላይ የትኛውን ልጻፍ?

ፓስፖርት ካላችሁ የፓስፖርቱን። ከሌላችሁ ማመልከቻው ላይ የሞላችሁትን፣ ፊደል ሳትቀይሩ። ፀጋዬ አንዱ ቦታ `Tsegaye`፣ ሌላ ቦታ `Tsegay` ሆኖ ከተጻፈ ኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው አድርጎ ሊይዛችሁ ይችላል፤ ሰነዳችሁ ደርሶ እያለ «አልደረሰም» የሚል መልእክት የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። የኢሜይል አድራሻውም ማመልከቻው ላይ ያስመዘገባችሁት ይሁን። በወንድም ወይም በኢንተርኔት ቤት አድራሻ የተላከ ጥያቄ ከፋይላችሁ ጋር አይገናኝም።

መቼ ልላክ?

አብዛኛው መደበኛ ማመልከቻ የሚዘጋው በጃንዋሪ መጀመሪያ ቀናት፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 አካባቢ ነው። ኢሜይሉ ግን ከጥቅምት ቢያልፍ አልወድም። ምክንያቱ መልሱ ሥራ ይዞ ስለሚመጣ ነው፤ «የቀበሌ ደብዳቤ ይበቃል፣ ግን የሁለቱም ወላጅ ፊርማ ይኑርበት» ቢሏችሁ ገጠር ሄዶ መመለስ አለ። ኅዳር አጋማሽ ላይ ደግሞ የምስጋና ቀን በዓላቸው አለ፤ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው፣ ዓርቡም አብሮ ይዘጋል። ከዲሴምበር 24 እስከ አዲስ ዓመታቸው ብዙ ቢሮ ሰው የለበትም። ማመልከቻ ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው የሚጻፍ ኢሜይል ባዶ ቢሮ ላይ ነው የሚያርፈው።

ከቀኑ ሰዓት ደግሞ፣ በጥቅምት ኒው ዮርክና ቦስተን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን እኛ ጋ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ እነሱ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ስለሚመልሱ አሥር ሰዓት ይሆናል። በዚያ ሰዓት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ብትልኩ ሥራ ሲጀምሩ ከላይ ያገኙታል።

የመዝጊያ ሰዓትን በተመለከተ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። `11:59 p.m. Eastern` ተብሎ ከተጻፈ በጃንዋሪ ለእኛ በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ59 ነው። ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ቅጽ በሚመለከትበት ድረ ገጽ፣ በኮመን አፕ የሚላከው ማመልከቻ ግን የሚዘጋው ተማሪው ባለበት አገር ሰዓት፣ እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የቆጠረ ልጅ ገና ስምንት ሰዓት ይቀረኛል ብሎ ይተኛና ዘግቶ ያገኘዋል።

ትራንስክሪፕትና ሰርተፍኬት ላያይዝ?

አታያይዙ። የሚላክበት ቦታ ማመልከቻው ውስጥ አለ። የፓስፖርት ፎቶ፣ የባንክ ደብተር በኢሜይል አይላክም፤ ኮሌጁ በከፈተላችሁ የተማሪ ገጽ በኩል ካልጠየቀ በቀር።

መልስ ካልመጣስ?

አሥር የሥራ ቀን ጠብቁ፤ መጀመሪያ ግን የአይፈለጌ መልእክት ሳጥናችሁን እዩ። ካልመጣ አዲስ ኢሜይል አትጻፉ፣ ያንኑ ከፍታችሁ ከላይ ሁለት መስመር ጨምሩ፦ «በዚህ ቀን የጻፍኩትን ጥያቄ ለማስታወስ ነው። ቅጹ የሚዘጋው በዚህ ቀን ነው፤ ለገንዘብ ድጋፍ ክፍል መጻፍ የሚኖርብኝ ከሆነ አድራሻውን ብትጠቁሙኝ አመሰግናለሁ»። ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ትረዳለች፤ ጥያቄው የእነሱ ባይሆን እንኳ የሚመልሱት ነገር ታስገኛለች። ለአምስት ሠራተኛ በአንድ ጊዜ መላክ ግን ሁሉም «ሌላው ይመልሰዋል» እንዲል ያደርጋል።

መልሱ መጣ፤ ግን ምን እንደሚል አልገባኝም።

ሦስት አነጋገሮች ተማሪዎችን ግራ ያጋባሉ። «የተረጋገጠ ፍላጎትን መቶ በመቶ እንሸፍናለን» ሲሉ ፍላጎቱን የሚያሰሉት እነሱ ናቸው፤ ቤተሰባችሁ ይችላል ብለው ያሰሉት ገንዘብ ከዚያ ይቀነሳል። «ኒድ ብላይንድ» ማለት ድጋፍ መጠየቃችሁ በቅበላ ውሳኔው ላይ አይታይም ማለት ነው፤ ከላይ ከጠራኋቸው አምስቱ ሌላ ዳርትመዝና ቦውደን ለውጭ አገር ተማሪም እንዲህ ያደርጋሉ። «ኒድ አዌር» ማለት ደግሞ ይታያል፣ ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ተማሪ ፉክክሩ ይጠነክርበታል። አትቀበሉም ማለት አይደለም።

ከሁሉም በላይ ልታጤኑት የሚገባው «ድጋፍ መጠየቅ ያለበት ከመግቢያ ማመልከቻው ጋር ነው» የሚለውን ነው። ብዙ ኮሌጆች ለውጭ አገር ተማሪ ይህን ደንብ አጥብቀው ይይዛሉ። «መጀመሪያ ልግባ፣ ገንዘቡን ከዚያ እጠይቃለሁ» ያለ ልጅ የመግቢያ ደብዳቤ በእጁ ይዞ ክፍያው አቅቶት ሲቀር አይቻለሁ። ቅጹ ላይ ድጋፍ ትፈልጋለህ ወይ የሚለው ጥያቄ ጋ «አልፈልግም» ብሎ ነበር፤ የመቀበል ዕድሌ ይጨምራል ብሎ።

ለስኮላርሺፕ ደላላ ከፍዬ ቢጽፍልኝስ?

አይጻፍላችሁ። ቢሮው መልስ የሚሰጠው ለአመልካቹ ነው፤ ስለ ፋይላችሁ ለሌላ ሰው አይናገርም። ኢሜይል መጻፍና መልስ ማግኘት ገንዘብ አያስከፍልም። የአሜሪካ ኮሌጆች አድራሻ የሚያልቀው በ `.edu` ነው፤ ከሌላ አድራሻ «ስኮላርሺፑ ተፈቅዷል፣ የማስኬጃ ላኩ» የሚል ከመጣ ከኮሌጁ አይደለም። መምህር ወይም ጓደኛ እንግሊዝኛውን ቢያይላችሁ ግን ደግ ነው።

መልስ ካገኘሁ በኋላ የማደርገው ነገር አለ?

በአንድ መስመር አመስግኑ፣ እዚያው ላይ። ከዚያ መልሱን አስቀምጡት፤ አታጥፉት። ተማሪዬ በሳምንቱ የቀበሌው ደብዳቤና ደረሰኙ እንደሚበቃ፣ የ2017 በጀት ዓመትም ተቀባይነት እንዳለው፣ ነገር ግን ከጤፍ ሽያጭ የተገኘው ገንዘብ በብር ተለይቶ እንዲጻፍ የሚል መልስ ደረሳት። ቅዳሜ አባቷ ቀበሌ ሄዶ አስጨመረው። የካቲት ላይ ሌላ ሠራተኛ «የግብር ሰነድ ጎድሏል» ብሎ ሲጽፍላት የጥቅምቱን መልስ ከቀኑና ከላኪው ስም ጋር አያይዛ መለሰችለት፤ በማግስቱ የተማሪ ገጿ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ወደ አረንጓዴ ተቀየረ።